ከሁለት ኮንትራክተሮች የመጣ የሴራሚክ ስራ ፎቶ እንዴት ይወዳደራል?

አክስቴ ሰንጋ ተራ ያለ ቤቷን መታጠቢያ ክፍል አፍርሳ ልታሰራ ሁለት ኮንትራክተሮች አነጋገረች። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም አሁን ከያዙት ስራ ፎቶ በቴሌግራም ላኩላት፤ አንደኛው 23፣ ሁለተኛው 9። ስልኩን ሰጠችኝና «አንተ ሳይት ውለህ የምታድር ልጅ፣ የቱ ነው ንጹህ የሚሰራው?» አለችኝ።

የአንደኛው ፎቶ ሙሽራ የሚገባበት ቤት ይመስላል። ያብረቀርቃል። የሁለተኛው አቧራ፣ ባልዲና ግማሽ ግድግዳ ነው። አክስቴ ልቧ ወደ አንደኛው ሄዷል። እኔ ግን ሁለቱም እንደገና ፎቶ እንዲያነሱ አስጠየቅኳት።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን እኩል አድርጉ

ያለቀ ስራን ካላለቀ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ አይነት ደረጃ ላይ ያለ ስራ ጠይቁ። ለሴራሚክ ምርጡ ጊዜ ተለጥፎ፣ መስመሩ ገና በግራውት ሳይሞላ፣ የቧንቧው ክዳንም ሳይገጠም ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጉድ ይሸፈናል።

አራት ፎቶ ይበቃል። አንድ ሙሉ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ማእዘን ከላይ እስከ ታች፣ ቧንቧ የሚወጣበት ቀዳዳ በቅርብ፣ እና የወለሉ ፍሳሽ ማውረጃ። ሰፊ በሚያሳየው ካሜራ (0.5 በሚለው) እንዳያነሱ ንገሯቸው፤ እሱ ጠርዝ አካባቢ ያለውን መስመር ያጎብጣል፣ ያላጠፋ ሰው ይወቀሳል። ፍላሽ ይጥፋ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ፣ ስታጎሉት ጠርዙ ይደበዝዛል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጠርዙን ነው።

ቁርጥራጩ የት እንዳረፈ እዩ

ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ክፈቱና ከግድግዳው ግራና ቀኝ ጫፍ ጀምሩ። ጥሩ ሰራተኛ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ሂሳብ ይሰራል።

አንደኛው በላከው ፎቶ ግድግዳው ወደ 1 ሜትር ከ90 ይሆናል፣ ሴራሚኩ 30 በ60 ነው። ከግራ ጀምሮ ሶስት ሙሉ ለጥፏል። 180 ሴንቲ ሄደ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ የቀረችው የ10 ሴንቲ ቁራጭ ናት። እንዲህ ያለች ቀጭን ቁራጭ ስትቆረጥ ትሰበራለች፣ ጠርዟም ይሸረፋል። ማእዘኑ ትንሽ እንኳ ከቱንቢ ቢወጣ ያሳብቃል፤ ላይ 10 የነበረው ታች 9 ሲሆን ማንም ያየዋል። ሁለት ሙሉ መሃል ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ 35፣ 35 ቢያወጣ ኖሮ ያው ግድግዳ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሁለተኛው ያደረገው እንደዚያ ነው። አቧራ የለበሰው ግድግዳ ግራና ቀኙ እኩል ነበር።

ጥላ ፈልጉ

ሴራሚክ ሲለጠፍ የአንዱ ጠርዝ ከጎረቤቱ ከፍ ካለ፣ ከፊት ለፊት በበራ ፍላሽ አይታይም። መብራት ከጎን ሲመጣ ግን በመስመሩ ላይ ቀጭን ጥላ ይወድቃል። ለዚህ ነው ፎቶ ስታስነሱ አንድ ሰው የስልክ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ከጎን እንዲያበራ የምትጠይቁት። እዚህም እዚያም አጭር ጥላ ብታዩ አትደንግጡ። ጥላው በየረድፉ፣ በተመሳሳይ ቦታ ከተደጋገመ ግን ምክንያት አለው።

አንደኛው በላከው የሌላ ግድግዳ ፎቶ ጥላው የተደጋገመው እያንዳንዱ ሴራሚክ መሃል አካባቢ ነበር። አደራደሩ እንደ ብሎኬት ነው፤ የላይኛው ጫፍ በታችኛው ልክ ግማሽ ላይ ያርፋል። ረጅም ሴራሚክ ግን ሲጋገር መሃሉ በጥቂቱ ይጎብጣል። ስለዚህ ዝቅ ያለው ጫፍ ከፍ ካለው መሃል ጋር ይገናኛል፣ ጥላውም እዚያ ይወለዳል። በግማሽ ፈንታ በሲሶ ማንሸራተት ይህን ይቀንሳል። የእጅ ችግር ብቻ አይደለም፣ የውሳኔም ነው።

የግድግዳ ቀለም ፎቶም በዚሁ መንገድ ይታያል። ከጎን ሲበራበት ማዕበል የሚመስል ግድግዳ፣ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ በደንብ አልተላገም ማለት ነው።

የቧንቧውን ቀዳዳ አጉሉት

አንድ ፎቶ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ቧንቧው የሚወጣበት ቀዳዳ በኋላ በክብ ክዳን ስለሚሸፈን፣ ማንም አያየውም ብሎ የሚሰራ ሰው እዚህ ይያዛል። ንጹህ ስራ ክብ ቀዳዳ ነው፣ በቧንቧው ዙሪያ ትንሽ ክፍተት ያለው። የአንደኛው በግራይንደር አራት ጊዜ ተቆርጦ በመዶሻ የወጣ አራት ማዕዘን ነበር። ከአንዱ ጥግ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወደ ሴራሚኩ ጠርዝ ሄዷል። ክዳን ሲገጠም ጉድጓዱ ይደበቃል፣ ስንጥቁ ግን ከክዳኑ አልፎ ይወጣል።

አቧራን ከቆሻሻ ለዩ

በስራ ላይ ያለ ክፍል አቧራ አለው፤ እሱ ነጥብ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው በተለጠፈ ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ትኩሱን በእርጥብ ስፖንጅ ማንሳት የደቂቃ ስራ ነበር፤ የደረቀው ግን መፋቂያ ይፈልጋል፣ ይጫጭራልም። ሌላው የፍሳሽ ማውረጃው አፍ ነው። በሁለተኛው ፎቶ ላይ አፉ በፌስታልና በጨርቅ ተወትፏል። አክስቴ «ይሄ ምን አይነት መዝረክረክ ነው» ያለችው ለዚህ ነበር። እኔ ግን እሱን ሳይ ነው ሰውየውን የወደድኩት። ክፍት ያለ ማውረጃ ሲሚንቶ ይውጣል፣ ውስጡ ይደርቃል፣ ከወራት በኋላ ውሃው አልወርድ ሲል ያለቀው ወለል ይፈለፈላል። አንድ ጊዜ የራሴን ቤት እንዲህ አድርጎኝ የሄደ ባለሙያ አለ።

ፎቶ የማይነግራችሁ

ሴራሚኩ ስር ባዶ ይሁን ሙሉ፣ ወለሉ ወደ ማውረጃው ያዘንብል አያዘንብል፣ ከስር ውሃ መከላከያ ተቀብቶ ይሁን አይሁን ያለቀ ስራ ፎቶ አያሳይም። ስለዚህ ያሸነፈውን ሰው ሳይት ሄዳችሁ እዩ። ሳንቲም ይዛችሁ ሴራሚኩን ጥግ ጥጉን ቆርቁሩ፤ ድምፁ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ስሩ አልሞላም። ከዚያ ወለሉ ላይ ግማሽ ባልዲ ውሃ ድፉና ጠብቁ። በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዝቅታ ካለው ውሃው ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ ጥግ ላይ ኩሬ ከሰራ አላዘነበለም።

ሁለተኛው ኮንትራክተር የሚሰራበት ቤት ሜክሲኮ አካባቢ ነበር፤ ከአክስቴ ጋር ሄድን። ውሃው ወረደ። ሳንቲሙ ግን በር ስር ሶስት ሴራሚክ ላይ ባዶ ድምፅ አወጣ። ሰውየው ራሱ ጎንበስ ብሎ ቆረቆራቸው፣ ልጁን ጠራና በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው። በሶስተኛው ቀን ለአክስቴ አራት ፎቶ ላከላት፤ ሴራሚኮቹ ተነስተው ከስር ያለው ሲታይ፣ ማጣበቂያው ሲደረግ፣ ሲለጠፉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተጠርገው። ሳትጠይቀው እንደ ፋይል ነው የላከው።