ደሴ ላይ ኬክ መሀሉ የሚሰምጠው ለምንድን ነው? ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ኬክ የሚጋግር ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፦ ኬኩ ኦቨን ውስጥ አምሮ ይነሳል፣ ከዚያ ገና ሳይወጣ መሀሉ ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ኦቨኑ ወይም ወደ ዱቄቱ ይላካል። ጥፋቱ ግን የከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ስልክ ላይ የምናገኛቸው የኬክ አሠራሮች አብዛኞቹ ደግሞ የተጻፉት በቆላ አገር ለሚጋግር ሰው ነው።

ሰመጠ ብሎ ቤኪንግ ፓውደር መጨመር

ሌላውን ስህተት ሁሉ እታገሳለሁ፣ ይህን ግን አልችልም። ኬክ ከሰመጠ «አልተነሳም ማለት ነው» ይባልና ቤኪንግ ፓውደር ይጨመርበታል። ደግሞ ሲሰምጥ ደግሞ ይጨመራል። በመጨረሻ አፍ የሚመር፣ መሀሉ እንደ ሳህን የጎደጎደ ነገር ይወጣል፤ ያ ሁሉ እንቁላልና ቅቤም ይባክናል።

ኬኩ የሰመጠው ከመጠን በላይ ስለተነሳ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ያው ጋዝ እዚህ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። ሊጡ ውስጥ ያሉት አረፋዎች ዱቄቱና እንቁላሉ በስለው ሳይጠነክሩ ይለጠጡና ይፈነዳሉ፤ ጋዙ ያመልጣል፣ መሀሉም ይወድቃል።

አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ገብታ ለምርቃትና ለልደት ኬክ መሸጥ ጀምራ ነበር። አሠራሯ ቀላል ነው፦ 3 ኩባያ ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 ኩባያ ተኩል ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ ዘይትና 1 ኩባያ ወተት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ኬኩ እዚያ መሀሉ ትንሽ ጎደል ይል ነበር እንጂ አይወድቅም። ደሴ ሲሰምጥባት ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 4 አሳደገችው፤ ባሰበት። እኔ ዘንድ ስትመጣ «ከመጀመሪያው 3 ግማሹን ቀንሺው» አልኳት። «እትዬ፣ ያኔማ ቂጣ ሆኖ ይቀራል!» አለችኝ። «አብሽሪ፣ 1 ተኩል አድርጊውና እይው» አልኳት፤ ሌላውን ምንም እንዳትነካ አስጠንቅቄ። ኬኩ ከላይ ደልደል ብሎ ወጣ።

ኬካችሁ የሰመጠው በዚህ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ መሀል ለመሀል ቁረጡት። ትልልቅና ያልተስተካከሉ ቀዳዳዎች ካሉት፣ ሲነኩትም የሚፈረካከስ ከሆነ፣ ጋዝ በዝቶበታል። ከታች በኩል እርጥብ፣ የተጣበቀ መስመር ካለው ግን ሳይበስል ወጥቷል፤ ያኔ ቤኪንግ ፓውደሩን ከመንካታችሁ በፊት ሙቀቱን ተመልከቱ።

ዱቄት ብቻ ወይም ወተት ብቻ መጨመር

የልጅቷ ኬክ መስመጡን ቢተውም ደረቅ ነበር፤ ሲቆረጥ ጠርዙ ይረግፍ ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው። «ዱቄትም ጨምር፣ ፈሳሽም ጨምር» ሲባል እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። ሁለቱ ግን የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው።

ደሴ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ስለዚህ ኬኩ ኦቨን ውስጥ ሳለ እርጥበቱ ቶሎ ያመልጣል። ተጨማሪው ወተት የሚሄደውን የሚተካ ነው። ተጨማሪው ዱቄት ደግሞ አረፋዎቹን የሚሸከመውን ግድግዳ ያጠነክራል። ዱቄቱን ብቻ ከጨመራችሁ ኬኩ ከላይ ይሰነጠቃል፤ ወተቱን ብቻ ከጨመራችሁ ደግሞ ይከብድና መልሶ ይወድቃል።

ለእሷ ኬክ የበቃው 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ነው። መጀመሪያ ወተቱን፣ በሚቀጥለው ጋገራ ዱቄቱን ጨመረች። ሁሉንም በአንድ ቀን ብትቀይር ኖሮ የትኛው እንደሠራላት አታውቅም ነበር። ክረምት ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ደሴ ጉም ሲውልባት ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ በ2 ማንኪያ ወተት ጀምሩ። ሊጡ ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ፣ በሰፊው ቀስ ብሎ ከወረደ በቂ ነው።

ስኳሩን እንዳለ መተው

ውኃው ሲተን የሚቀረው ስኳር ይጠነክራል፣ የበዛ ስኳር ደግሞ ኬኩ ቶሎ እንዳይጸና ያደርጋል። ጠርዙ ጠቁሮ ፓትራው ላይ ከተጣበቀ ምልክቱ ይኸው ነው። ከአንድ ኩባያ ስኳር ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ ጣፋጭነቱ ላይ ለውጡን የሚያውቅ እንግዳ የለም።

«እንዳይቃጠል» ብሎ እሳት መቀነስ

180 ዲግሪ የተባለውን 190 አድርጉት። ኬኩ ከመለጠጡ በፊት እንዲጸና ነው የምንፈልገው፤ እሳቱ ከቀዘቀዘ አረፋዎቹ ለመፈንዳት ጊዜ ያገኛሉ። ሰዓቱ ግን ያጥራል፤ 40 ደቂቃ የተባለውን ከ30 ጀምራችሁ በስቴኪኒ ፈትሹ። ከዚያ በፊት በሩን አትክፈቱ። ፓትራውንም ከግማሽ በላይ አትሙሉ።

መብራት ሊሄድ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ደረቁንና ፈሳሹን ኦቨኑ ሳይሞቅ አታዋህዱ። ተዋህዶ የሚጠብቅ ሊጥ ጋዙን እየለቀቀ ነው የሚቆየው።

የእርሾ ዳቦን በሰዓት መጠበቅ

ድፎ ዳቦ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የደሴ ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል፣ ከፍታው ደግሞ የወጣውን ጋዝ በሰፊው ይነፋዋል። ሰው ብርዱን ብቻ አይቶ እርሾ ይጨምርና ሊጡን ምድጃ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሲመለስ ሊጡ ከመጠን በላይ ኩፍ ብሎ፣ ኮምጠጥ ብሎ፣ ሲነኩት ፍስስ ይላል። እንዲህ ያለ ሊጥ የኮባ ቅጠሉ ላይ ሲዘረጋ ጠፍጥፎ ይቀራል።

እርሾውን ከተባለው ሩቡን ቀንሱ። ዓይናችሁ ሊጡ ላይ ይሁን፤ እጥፍ ሲሆን ደብድባችሁ አስተንፍሱትና እንደገና ይነሳ። ለመጋገር መድረሱን በጣት ተጫኑና እዩ፦ ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ይቀረዋል፣ ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል፣ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። ያለፈበትን ሊጥ አትጋግሩት፤ እንደገና አስተንፍሳችሁ፣ አድበልብላችሁ ለአጭር ጊዜ አቆዩት።

የደሴን ልክ የትም መውሰድ

ወሎ አንድ ከፍታ የለውም። ከላይ ያለው ልክ ለደሴ ነው። ያቺው ልጅ ለሰርግ ኮምቦልቻ ወርዳ ስትጋግር 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 2 የሾርባ ማንኪያ ተጨማሪ ወተትና ዱቄት ይበቃታል፤ ሐይቅ ላይም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ወደ ደላንታ የምትወጡ ግን ከደሴው ልክ ጀምሩና ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ፣ ወተቱን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ የመጀመሪያውን ኬክ ቆርጣችሁ ቀዳዳውን ካያችሁ በኋላ ቀጣዩን አስተካክሉ።