ኮሚሽን ለማስላት IF በ IF ላይ መደራረብ ይቅርባችሁ

ኤክሴል ላይ የሽያጭ ኮሚሽን በደረጃ የሚሰላ ከሆነ፣ አምስት IF አንዱን በሌላው ውስጥ ከመጎንጎን ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩ። በ F ዓምድ ላይ ከ F2 ጀምሮ ወደ ታች ደረጃው የሚጀምርበትን መጠን ጻፉ፦ 0፣ 10000፣ 25000፣ 50000፣ 100000። አጠገቡ G ላይ ደግሞ 2%፣ 4%፣ 6%፣ 8%፣ 10%። ሽያጩ B2 ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ይቺን፦

```
=VLOOKUP(B2,$F$2:$G$6,2,TRUE)
```

መጨረሻ ላይ ያለው TRUE «ልክ እሱን ካጣህ ከሱ ዝቅ ብሎ በጣም የሚቀርበውን ውሰድ» ማለት ነው። ሽያጩ 32000 ከሆነ 25000 ላይ ይቆምና 6% ይሰጣችኋል።

ግን F ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለበት፣ ይሄ ለውበት አይደለም። ኤክሴል እዚህ ጋ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ አያይም፤ መሃል ላይ ገብቶ ያመዛዝንና ግማሹን ይጥለዋል። አንድ ሰው 25000ን ረስቶ ቆይቶ ከታች ቀጠለው እንበል፦ 0፣ 10000፣ 50000፣ 100000፣ 25000። 32000 ሲፈለግ መሃል ላይ 50000 ያገኛል፣ «በዛ» ብሎ የታችኛውን ግማሽ ሳያየው ይተወዋል፣ 10000 ላይ ይቆምና 4% ይሰጣል። ስህተት የሚል ነገር የለም! ሻጩ ነው የሚነግራችሁ፣ ያውም ደመወዝ ከወጣ በኋላ።

የመጀመሪያው ረድፍ 0 ይሁን፣ አለዚያ አነስተኛ ሽያጭ ሁሉ #N/A ይሆናል። የሠራተኛ መለያ ወይም የዕቃ ኮድ ስትፈልጉ ግን TRUE አትጠቀሙ፣ የሌለውን ኮድ በጎረቤቱ ይተካላችኋል። እዚያ FALSE ነው።