ለልጅ የመጀመሪያ ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከሥራ ስንመለስ የታክሲው ሰልፍ ያስመሻል። ለዚህ ብዬ ለ10 ዓመቷ ልጄ የድሮ ስልኬን ሰጠኋት። ጂሜይሌን ግን ከስልኩ ላይ አላወጣሁም ነበር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስልኩ የሚያያት እንደ እኔ ነው፤ ያሻትን አፕ ታወርዳለች፣ ኢሜይሌንም ትከፍታለች።

ስለዚህ መጀመሪያ አካውንታችሁን ከስልኩ ላይ አውጡና ስልኩን ሪሴት አድርጉት። ከዚያ ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበትን Family Link የሚባለውን የጉግል አፕ በራሳችሁ ስልክ ጫኑ። እዚያው ላይ በልጃችሁ ትክክለኛ የልደት ቀን አካውንት ክፈቱና የእሷን ስልክ በእሱ አስጀምሩት።

መቆለፊያው ባለ 6 አኃዝ ፒን ይሁን። በጣት የሚሳለው ፓተርን ቅባቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስልኩን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

Family Link ላይ በቀን ስንት ሰዓት ስልኩን እንደምትጠቀም ስትገድቡ መደወያውን Always allow አድርጉት። አለበለዚያ ሰዓቷ ሲያልቅ ወደ እናንተ መደወል ያቅታታል። እኔ ስልኩን የሰጠኋት ለዚሁ ነበር!

ሌላው፣ ከእናንተ ስልክ የምትቀይሩት ነገር የሚደርሳት ኢንተርኔት ስታገኝ ብቻ ነው። ዳታዋ ካለቀ "ሰዓት ጨምሬልሻለሁ" ብትሏትም ስልኩ እንደተቆለፈ ይቆያል። ያኔ ደውሉላትና Family Link ውስጥ ያለውን የወላጅ ኮድ ንገሯት። ኮዱ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በየጊዜው ስለሚቀያየር ደግሞ በቃሏ ብትይዘውም ነገ አይከፍትላትም።