የእሁዱ የስልክ ቀጠሮ በደብረ ብርሃን ሰዓት ይያዝ

እርስዎ ጀርመን፣ እናትዎ ደብረ ብርሃን፣ እህትዎ ዱባይ ካላችሁ፣ ሰዓት የሚቀየረው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ኢትዮጵያና ዱባይ ዓመቱን ሙሉ አይቀይሩም፤ ዱባይ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ጀርመን ግን በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሁድ ሌሊት ሰዓቷን ከ2:00 ወደ 3:00 ታሻግራለች፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ደግሞ ከ3:00 ወደ 2:00 ትመልሳለች። በ2026 ቀኖቹ መጋቢት 20 ቀን 2018 እና ጥቅምት 15 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ይውላሉ።

ስለዚህ ቀጠሮው በእናትዎ ሰዓት ይያዝ። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት እንበል፤ ዱባይ 17:00 ነው፣ ጀርመን በራሷ ክረምት፣ ማለትም ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ፣ 14:00፣ በራሷ በጋ 15:00። ለማስላት ከጀርመኑ ሰዓት በክረምት 4፣ በበጋ 5 ይቀንሱ፤ የሚያገኙት በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። እህትዎ ከዱባዩ ሰዓት ሁልጊዜ 7 ትቀንሳለች። ከእሷ ጋር ስትጻጻፉ ግን «10 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ «ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ዱባይ 17:00» ብላችሁ ጻፉ።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከስልኩ ካላንደር ነው። ቀጠሮውን ጀርመን ሆነው ሲመዘግቡት ካላንደሩ በጀርመን ሰዓት ይይዘዋል። በበጋ 15:00 ብለው የመዘገቡት ጥቅምት 15 ላይም 15:00 እንዳለ ይቆያል፤ ያን ቀን ግን ደብረ ብርሃን 11 ሰዓት፣ ዱባይ 18:00 ሆኗል። እህትዎ 18:00 ላይ ሥራ የምትገባ ከሆነ አታገኟትም። እናትዎ ስልክ የሚይዘው ውጭ ወጥተው ከሆነ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበረታል። በመጋቢት ስህተቱ ይገለበጣል፦ በ14:00 የተመዘገበው ቀጠሮ እናትዎ ጋ 9 ሰዓት ላይ ይደውላል፣ ገና ሳይዘጋጁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጉግል ካላንደር ላይ ቀጠሮውን ከፍተው ከሰዓቱ አጠገብ ወይም ሥር ያለውን Time zone ይንኩ፣ Addis Ababa ብለው ይፈልጉ፤ ካጡት Nairobi ይምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ከዚያ 16:00 ብለው ይሙሉና በየሳምንቱ እንዲደገም ያድርጉ። በትክክል መያዙን ለማወቅ ከጥቅምት 15 በፊት ያለውንና የዕለቱን እሁድ ያነጻጽሩ፤ የመጀመሪያው 15:00፣ ሁለተኛው 14:00 ካሳየ ሠርቷል። ሁለቱም እኩል ከሆኑ አሁንም በጀርመን ሰዓት ተይዟል ማለት ነው።

የእሁድ ቀጠሮ ከሌላው ቀን ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለውጡ የሚደረገው በዚያው ሌሊት ስለሆነ ለመልመድ አንድ ቀን እንኳ አይሰጥም። ስልክዎ ራሱ ያስተካክላል፣ የግድግዳውና የምድጃው ሰዓት ግን እጅዎን ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ማታ ያስተካክሏቸው። ለእናትዎ ምንም መንገር አያስፈልግም። «ሰዓት ተቀየረ» ቢሏቸው የራሳቸው ቀጠሮ የተዛወረ ይመስላቸዋል።