«ደንበኛዬን ወሰደችብኝ»፦ የፀጉር ቤት ደንብ ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ ፀጉር ቤት የከፈቱ እህቶች ሲደውሉልኝ ሁለት ነገር አከታትለው ያነሳሉ። «ልጆቹ እያረፈዱ አስቸገሩኝ» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «ተኳርፈው አይነጋገሩም» ይላሉ። እኔም ለዓመታት ሁለት የተለያየ ችግር ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከማርፈዱ ነው። አንዷ ስታረፍድ ደንበኛዋን ሌላዋ ትሠራለች፤ ከዚያ በገንዘቡ ይጣላሉ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል።

እኛ ቤት ከእኔ ሌላ ስድስት ልጆች አሉ፦ ሦስት ፀጉር ሠሪዎች፣ አንዲት የጥፍር ባለሙያና ሁለት አጣቢዎች። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ።

«ሰዓት ይከበር» ብሎ መስታወት ላይ መለጠፍ

የመጀመሪያው ደንቤ አንድ መስመር ነበር፦ «መግቢያ ሰዓት ጠዋት 2፡30»። አንዷ ልጅ ልክ 2፡30 በር ላይ ትደርሳለች። ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ ልብስ ትቀይራለች፣ ሻይ ታዝዛለች። ለሥራ ስትዘጋጅ 3 ሰዓት ይሆናል። እሷ በሰዓቷ ገብታለች። እኔ ደግሞ አርፍዳለች ብዬ እቆጣለሁ። ወረቀቱ ለሁለታችንም ይፈርዳል።

አሁን እንዲህ ይላል፦ «2፡30 ማለት ልብስ ተቀይሮ፣ ወንበርና መስታወት ተወልውሎ፣ ፎኑና ፒያስትራው ተሰክቶ ማለት ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው በሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት ነው።» ለአጣቢዎቹ 2፡15 ነው፤ ቦይለሩን የሚያበሩትና ፎጣ የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው። የምታረፍድ ልጅ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት ትደውላለች። መልእክት መላክ አይበቃም። ጠዋት ስልኬን ሳላየው የ3 ሰዓቷ ደንበኛ በር ላይ ትቆማለች።

ያረፈደችውን ልጅ ደንበኛ ማን እንደሚሠራ አለመጻፍ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብዙ ሳሎን ደንብ አይቻለሁ። ስለ ጫማ ይጽፋሉ፣ ስለ ስልክ ይጽፋሉ፣ ስለ ማስቲካ ይጽፋሉ። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚጣሉበትን ነገር ግን አንድ መስመር አይነኩትም። ደመወዝ ትንሽ፣ ፐርሰንት ብዙ በሆነበት ሥራ ደንበኛ ማለት እንጀራ ነው። የእንጀራን ጉዳይ በአፍ ብቻ አትተዉት።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። ጥር ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ። ሚዜ የሆነች ደንበኛ 3 ሰዓት ቀጠሮ ነበራት። 6 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለባት። ፀጉር ሠሪዋ የለችም፣ ስልኳም አይነሳም። 3፡20 ሲሆን ሌላዋን «ጀምሪላት» አልኳት። አጠበቻት፣ ቢጎዲን ጠቀለለችላት፣ ካስክ ውስጥ አስገባቻት። ልክ ከካስክ ስትወጣ ያረፈደችው ልጅ እያለከለከች ደረሰች። ማበጠሪያ አነሳችና «ደንበኛዬ ናት፣ እኔ እጨርሳለሁ» አለች። የጀመረችው «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻት። በደንበኛዋ ራስ ላይ ተጨቃጨቁ። ልጅቷ መሐል ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች።

ለስሌት እንዲመች ሒሳቡ 1,000 ብር ነው እንበል። የእኛ ቤት ፐርሰንት 30 ነው፣ ስለዚህ 300 ብር። እኔ ለማስታረቅ ብዬ 150፣ 150 አካፈልኳቸው። ሁለቱም ተቀየሙኝ። አንዷ «ለዓመታት የያዝኳትን ደንበኛ ለምን ታካፍይብኛለሽ?» አለች። ሌላዋ «እኔ ባልኖር ደንበኛዋ ትሄድ አልነበር?» አለች። ሦስት ሳምንት ፒያስትራ ሳይቀባበሉ ሠሩ። ሚዜዋ ከፍላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ እሷም እናቷም አልመጡም።

የሁለቱም ቅሬታ እውነት ነበረው። ስህተቱ የእኔ ነው፦ ቀድሞ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ በዚያች ደቂቃ ዳኛ ሆንኩ። በሥራ መሐል የሚሰጥ ፍርድ ደግሞ ምንም ቢሆን አድልዎ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ተሰብስበን ይህን ጻፍን፦

«ደንበኛ በቀጠሮዋ ደርሳ ፀጉር ሠሪዋ ካልመጣች 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ደንበኛዋ መጠበቅ ወይም በሌላ መሠራት እንደምትፈልግ ትጠየቃለች። ምርጫው የእሷ ብቻ ነው። ሌላ ሠራተኛ ፀጉሯ ላይ ውሃ ካፈሰሰች ሥራው እስከ መጨረሻው የእሷ ነው። ፐርሰንቱም ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው። ደንበኛዋ ራሷ ልቀይር ካላለች፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የምትመዘገበው በቀድሞዋ ስም ነው።»

«ውሃ ካፈሰሰች» የሚለውን ቃል ያመጣችው አንዷ አጣቢ ናት። እኔ «ሥራ ከጀመረች» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ማበጠርም መጀመር ነው እኮ፣ ይጣሉበታል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ውሃ ፈሰሰ ወይስ አልፈሰሰም የሚለው አያከራክርም፣ ሁሉም ያየዋል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ትልቅ ሥራ ይሠራል። ያረፈደችው ልጅ የምትፈራው የዛሬውን 300 ብር ብቻ አይደለም፤ ደንበኛዋ ለዘለቄታው እንዳትሄድባት ነው። ያ ፍርሃት ሲወጣላት ማበጠሪያ ለመንጠቅ አትሮጥም።

ሁለት ነገር ለይተን አስቀምጠናል። ቀለምና ሪላክሰር በምንም ምክንያት መሐል ላይ እጅ አይቀይርም። ያቀላቀለችውና ሰዓቱን የያዘችው ናት መቼ መታጠብ እንዳለበት የምታውቀው። የደንበኛዋ የቀለም ቁጥርና መጠን በካርዷ ላይ ካልተጻፈም ሌላ ሠራተኛ ቀለሙን አትጀምርም። ሹሩባ ደግሞ ሁለት ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ክፍያው ግን ከመጀመራቸው በፊት በቀጠሮ ደብተሩ ላይ ይጻፋል።

የብር ቅጣት

«ያረፈደ 50 ብር» የሚል ደንብ ነበረኝ። አንድ ቀን አንዷ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ገባችና 50 ብሩን ካሸር ላይ አስቀምጣ በሰላም ወደ ወንበሯ ሄደች። ከፍላለች፣ አለቀ። አጣቢዎቹ ግን ከሁሉም ያነሰ የሚያገኙት፣ ብዙ ጊዜም ከሩቅ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ በዝናብ ቆመው ለመጡበት ቀን 50 ብር ሲቆረጥባቸው ማየት ያሳዝናል። አነሳሁት።

ሕጉንም እወቁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። በንዴት «ዛሬ 200 ብር ቀጥቼሻለሁ» ማለት ከዚህ ውስጥ የለም።

ሳይመዘግቡ ታግሶ፣ ታግሶ፣ ከዚያ ማባረር

አንዲት የማውቃት ባለ ሳሎን ሁልጊዜ የምታረፍድባትን ልጅ ከብዙ ትዕግሥት በኋላ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አለቻት። ልጅቷ ከሰሰች። ባለ ሳሎኗ ስንት ጊዜ እንዳረፈደች ስትጠየቅ «በጣም ብዙ ጊዜ» ከማለት ሌላ የምታቀርበው አልነበራትም። አዋጁ የሚለው ግልጽ ነው፦ በቂ ምክንያት ሳይኖር በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ። ያኔ ነው የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ወዲያው ማሰናበት የሚቻለው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን በደብተር ያዙ። እሷም እዚያው ትፈርም። ምክንያቷን በራሷ ቃል ትጻፍ፤ «ልጄ ታሞ ጤና ጣቢያ ነበርኩ» እና «እንቅልፍ ወሰደኝ» በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ደንበኛን ሽማግሌ ማድረግ

የቆዩ ደንበኞች ቤተሰብ ይሆናሉ። ስለዚህ አንዷ ፀጉር እየሠራች «እትዬ፣ እስቲ ይፍረዱ» ትላለች። ደንበኛዋ ትፈርዳለች። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ደግሞ ለሌላዋ ትፈርዳለች። ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ይህ እኛ ጋ በጽሑፍ የተከለከለ ነው።

ቅሬታ ያላት ልጅ እዚያው አታነሳም። እጇ ላይ የጋለ ፒያስትራ ይዛ ደግሞ ጭራሽ። ደንበኛዋ ከወጣች በኋላ ለእኔ ትነግረኛለች። በዚያው ቀን ከመዘጋቱ በፊት ሦስታችን ጓዳ እንገባለን። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አታቋርጥም። የሚወራው ስለዛሬው ጉዳይ ብቻ ነው፤ «አምና ደግሞ» አይነሳም። የተስማማንበት በአንድ መስመር ደብተር ላይ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እናንተም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰው አትቆጡ። እኔ አድርጌዋለሁ። ልጅቷ ስድስት ሰው እያየ ስለተዋረደች ስለማርፈዷ አላሰበችም፤ ያሰበችው ስለ እኔ ነው።

ዘመድን ከደንቡ ማውጣት

ታናሽ እህቴ ስታረፍድ ዝም ያልኩ ቀን ወረቀቱ ዋጋ አጣ።

ማታውን ረስቶ ጠዋቱን መጻፍ

ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ጊዜ የማርፈጃ ደብተሩን ከቀጠሮ ደብተሩ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ገለጥኩት። ካረፈዱባቸው ቀናት ብዙዎቹ ከሰርግና ከበዓል ዋዜማ ማግስት ነበሩ። ማታ 4 ሰዓት ድረስ አቁሜ ያሠራኋት ልጅ ናት ጠዋት 2፡30 አልደረሰችም ብዬ ስም የጻፍኩባት። ቤቷ ገብታ ራት በልታ የምትተኛው ስንት ሰዓት እንደሆነ አላሰብኩም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። እኔ ግን ጠዋቱን በደቂቃ እየቆጠርኩ ማታውን አልቆጠርኩም።

ደንቡ ላይ የጨመርነው እንዲህ ይላል፦ «ከምሽቱ 2፡30 በኋላ የወጣች ሠራተኛ በማግስቱ የምትገባው 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በስሟ ቀጠሮ አይያዝም።» የማታ መውጫ ሰዓትም እንደ ጠዋቱ በዚያው ደብተር ይጻፋል፤ የምፈርመው እኔ ነኝ።