የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ላይ ቦታዋን የሳተችውን ነጥብ እንዴት አገኘኋት

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 የተዘጋውን ሒሳብ ሳመሳክር የሪፖርቱ ጠቅላላ ወጪ ከሌጀሩ በ166,189.50 ብር በልጦ ቁጭ አለ። ቫውቸር ከማገላበጤ በፊት ልዩነቱን ለ9 አካፈልኩት፤ 18,465.50 መጣ። ነጥብ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ከሸሸች ቁጥሩ 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ ትርፉ የትክክለኛው ቁጥር 9 እጥፍ ነው። ያንን ቁጥር ሌጀሩ ላይ ፈለግኩት፤ የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ሆኖ ተገኘ። ሪፖርቱ ላይ ግን 184,655.00 ተብሏል።

ቫውቸሩን አውጥቼ ለኃላፊያችን «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደረሰኙን አዩና «በይ፣ ሳይፈረም አስተካክዪው» አሉኝ። አስተካከልኩት፣ ድምሩ ገጠመ።

ግን ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩም ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል። የወጣላችሁ ቁጥር ሌጀሩ ላይ ከሌለ የተቀያየረ አሃዝ ፈልጉ።