«ማን ይሠራልናል?» አትበሉ

የሰፈር ማኅበር የምትመሩ ሰዎች፣ ስብሰባ ላይ «በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን» ማለቱን ተዉት። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። እጅ የሚያወጡት ያው ሦስቱ ናቸው፤ እነሱም ቶሎ ይሰለቻሉ።

እኛ እዚህ ጅማ ክረምት ሳይገባ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርደውን ቦያችንን ስናጸዳ ሌላ ዘዴ ያዝን። ሥራውን ቆራርጠን አንድን ሰው ለብቻው፣ ፊት ለፊት እንጠይቃለን። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለውን ከአምስት ልጆች ጋር ይይዙልናል? ለሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው።» ማብቂያው ሲታወቅ እሺ ማለት ይቀላል። ሦስቱ ቅዳሜ ሲያልቅ ግን የምር አሰናብቷቸው። እኛ አንዱን ጎበዝ «ትንሽ ቆይልን» ብለን ነው ያጣነው። ዛሬም ስልክ አያነሳም።

ዶማና አካፋው ከዋዜማው ይቆጠር። በመጀመሪያ ቀኑ አካፋ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው አይመለስም።

ምስጋናው ደግሞ ጉዳዩን ይጥቀስ። «እግዜር ይስጥልን» ብቻውን ይረሳል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲያባራ ለሠራው ሰው ደውላችሁ «ዘንድሮ ውሃው ከታች ያሉት እናት ቤት አልገባም» በሉት። ከጽዳቱ በፊት ቦዩን እንደተደፈነ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ ለውጡን ያየዋል።

አበል ለአንዱ ሰጥታችሁ ለሌላው አትከልክሉ። ቡና ከሆነ ለሁሉም ይፈላ። ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ማንንም አትጥሩ። ያኔ እምቢ ያለ ሰው በኋላም እናንተን ለማየት ሊያፍር ይችላል።